ለአንድ ኮከብ ቅሬታ የጻፍኩት ሁለተኛው መልስ

ላሊበላ ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለን። የቤተሰብ ቤት ነው። እናቴ ወጥ ቤቱን ትይዛለች፣ ታናሽ ወንድሜ እንግዳ ይቀበላል፣ እኔ ደግሞ ኢሜይሉንና ጎግል ካርታ ላይ ያለውን ገጻችንን እከታተላለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኛ ትንሽ ቤት ይዘው፣ ደንበኛ በአደባባይ ሲወቅሳቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ ግራ ለሚገባቸው ነው። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት መልስ ነገሩን አባባሰው። ሁለተኛው ግን ደንበኛዋን ወደ ኢሜይል ጋብዞ፣ እኛ ራሳችን የማናውቀውን ጥፋታችንን አሳየን።

ነገሩ የሆነው በገና ሰሞን ነው። ገና ላሊበላ ላይ ምን እንደሚመስል የወሎ ሰው ያውቀዋል። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከዋግ፣ ከጎጃም ምዕመኑ ይጎርፋል። ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚደርስም አለ። ከወልድያ በጋሸና በኩል መኪናው ተያይዞ ይመጣል። በበዓሉ ንጋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ለመስማት ስንቱ ሜዳ ላይ ያድራል። በዚያ ሳምንት ባዶ ክፍል ማግኘት ዘበት ነው።

ታኅሣሥ 27 አመሻሽ ላይ አንዲት ሴት አረጋዊት እናቷን ይዛ ከደሴ መጣች። ልጅቱ ውጭ አገር ነዋሪ ናት። ለሦስት ሌሊት ክፍል ይዛ፣ ግማሹን 3,000 ብር አስቀድማ ልካለች። ወንድሜ መዝገቡን ሲያይ በስሟ የተያዘው ክፍል ከጥር 5 እስከ 8 ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ማለት ነው። የዚያን ዕለት ዘጠኙም ክፍል ሞልቷል። እኔ ለበዓሉ ዕቃ ልገዛ ወልድያ ወርጄ ነበር። ወንድሜ ሌላ ቦታ እንዲያገኙ ሁለት ሦስት ቤት ደወለላቸው፣ አልተሳካም። በመጨረሻ በጨለማ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ጎግል ላይ አንድ ኮከብ ተሰጥቶን አየሁ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ክፍሉን ለሌላ ሰጡብን። አሮጊት እናቴን ይዤ በብርድ ቤት ስፈልግ አመሸሁ። አትመኗቸው።»

ደሜ ፈላ። ክፍሉን ለማንም አልሰጠንማ! መዝገቡ እጄ ላይ ነው። ወዲያው ይህን ጻፍኩ፦ «እህታችን፣ ክፍልዎን ለሌላ አልሰጠንም። ያስያዙት ከጥር 5 እስከ 8 ነው። 3,000 ብር የላኩበት ደረሰኝም ከነስልክ ቁጥርዎ በእጃችን አለ። ቀኑን ሳያጣሩ መጥተው ስማችንን አያጥፉ።» ከሥሩ የስልክ ቁጥሯን የመጨረሻ አራት አኃዞች ጨመርኩበት። ማስረጃ ያለኝ መሆኑን ማሳየቴ ነበር።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሴትዮዋ ቅሬታዋን አርማ አረዘመችው። ጎግል ላይ ቅሬታ የጻፈ ሰው በፈለገ ጊዜ ጽሑፉን መቀየር ይችላል። አሁን ክሱ ሁለት ሆነ፤ ክፍል መከልከልና ውሸታም መባል። ይበልጥ የደነገጥኩት ግን ማታ ነው። ለጥምቀት ክፍል የያዙ አንድ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «የኔም ስልክና የላክሁት ብር አንድ ቀን እዚያ ላይ ይለጠፍ ይሆን?» አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ።

አጎቴ ሽማግሌ ናቸው። በኛ ሰፈር ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው መልሴን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ሰው አደባባይ ላይ ሲቆጣ አደባባይ ላይ አትሟገቺውም። አዝኛለሁ ትይዋለሽ፤ ከዚያ ገለል አድርገሽ ትሰሚዋለሽ» አሉኝ። ገለል ማድረግ ሲሉ ነገሩን ለማድበስበስ አይደለም። ሽምግልና ላይ ሁለቱም ወገን ዝርዝሩን የሚናገረው ሰው ሁሉ በማይሰማበት ነው። እርቁ ግን ተመልሶ በሰው ፊት ይነገራል። ይህ አካሄድ ለኢንተርኔት ቅሬታም እንደሚሠራ ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

ጎግል ካርታ ላይ የቤቱ ባለቤት ቅሬታ ለጻፈ ሰው በግል መልእክት የሚልክበት መንገድ የለም። መልሱ ከቅሬታው ሥር ይወጣል፣ ሁሉም ያየዋል። ቅሬታውን እኛ ማጥፋት አንችልም። የራሳችንን መልስ ግን ማረምና ማንሳት እንችላለን። ስለዚህ ደንበኛውን ወደ ግል ለመውሰድ ያለው መንገድ መጋበዣውን እዚያው አደባባይ ላይ መጻፍ ነው። ይህ ማለት ግብዣውን የሚያነበው ቅሬታ አቅራቢዋ ብቻ አይደለችም። ነገ ክፍል ሊይዝ የሚያስብ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

የመጀመሪያውን መልስ አነሳሁና በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦

«ሰላም ይሁንልዎ። እናትዎን ይዘው በበዓል ደርሰው ክፍል በማጣትዎ ከልብ አዝነናል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀደም ሲል የሰጠነው መልስ ተገቢ አልነበረም፤ አንስተነዋል። ምን እንደተፈጠረ ለማጣራት የቀኑንና የክፍያውን ዝርዝር ማየት ያስፈልገናል። እሱ የእርስዎ የግል ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። እባክዎ በድረ ገጻችን ላይ ባለው ኢሜይል ይጻፉልን። ርዕሱ ላይ ‹የገና ክፍል› ቢሉ ይበቃል። ኢሜይሉን የማነበው እኔ የቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ በደረሰኝ በ24 ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ።»

አጭር ነው፣ ግን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ይቅርታው የትኛው ነገር ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። «ክፍልዎን ለሌላ በመስጠታችን ይቅርታ» አላልኩም፤ ያን ገና አላጣራሁም። አሮጊት ይዞ በጨለማ መንከራተቱ ግን ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው። ለሆነው ነገር ማዘን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መወሰን አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ወይ ሳያጣራ ሁሉንም አምኖ ይቀበላል፣ ወይ ላለማመን ሲል ማዘኑንም ይተዋል።

ሁለተኛው ነገር ወደ ኢሜይል የምንሄድበትን ምክንያት መናገር ነው። መጀመሪያ ረቂቄ ላይ «ለበለጠ መረጃ በኢሜይል ያነጋግሩን» ብቻ ብዬ ነበር። ለወንድሜ ሳነብለት «ዝም ልታሰኛት የፈለግሽ ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነው። ምክንያቱ ካልተነገረ ግብዣው ማባረር ይመስላል። የክፍያ ዝርዝሯን ላለማጋለጥ መሆኑን ስጽፍ ግን ጥቅሙ የእሷ ሆነ። በፊት ያጋለጥኳት እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ይህን መናገር ግዴታዬ ነበር።

ሦስተኛው አድራሻው ነው። «በድረ ገጻችን ላይ ባለው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የድርጅት ስም ለጥፎ፣ ቅሬታ ላቀረበ ሰው «ችግርዎን እንፈታለን፣ እዚህ ይጻፉ» እያለ ብር የሚዘርፍ ሰው ሞልቷል። ደንበኛ አድራሻውን ቀድሞ ከሚያየው ይፋ አድራሻ ጋር ማስተያየት መቻል አለበት። በድረ ገጻችን፣ በደረሰኛችንና በበሩ ላይ ያለው ኢሜይል አንድ ነው። ለቅሬታ ብላችሁ ሌላ አድራሻ አታውጡ። ደንበኛው ስልኩን ወይም ደረሰኙን እዚያው አደባባይ እንዲጽፍም በፍጹም አትጠይቁ።

ለምን በስልክ አላደረግሽውም የሚል ይኖራል። ሴትዮዋ ቁጥሯን ካወጣሁባት በኋላ ብደውልላት ማስፈራራት ይመስልባት ነበር። ደግሞም የተቆጣ ሰው በስልክ ሲያወራ ነገር ይደራረባል፤ ማን ምን እንዳለ ኋላ ማስታወስ አይቻልም። ኢሜይል ቀኑ አለበት፣ ፎቶ ይያያዝበታል፣ እኔ ባልኖር ወንድሜ ከላይ ጀምሮ ያነበዋል። እሷም የምትኖረው ሌላ አገር ነው። እኛ ቀን የምንሠራበት ሰዓት ለእሷ እንቅልፍ ነው። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። ከባቲ ለንግድ የሚመጡ አንድ ደንበኛ አሉን፣ እሳቸውን ኢሜይል ጻፉ ማለት በር መዝጋት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የቢሮ ስልካችንን እጨምራለሁ።

ግብዣውን ከለጠፍኩ በኋላ ያለው ነገር ነው እንግዲህ ፈተናው። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ላይ ምንም የለም። ከሰዓትም የለም። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ስፓም የሚባለውን ሳጥን ከፈትኩ። እዚያ ነው ያለው! ከደረሰ 19 ሰዓት አልፎታል። ቃል የገባሁት 24 ሰዓት ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኩት። በአደባባይ «ጻፉልኝ» ብሎ ጋብዞ አለመመለስ ከመጀመሪያውም ስድብ ይብሳል፤ እሷ ያን ብትጽፍ የምከራከርበት አፍ አይኖረኝም። ከዚያ ወዲህ ግብዣ ከመለጠፌ በፊት ከሌላ ሰው ስልክ ወደ አድራሻችን ኢሜይል ልኬ መድረሱን አያለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋብኝ ደግሞ ወልድያ ያለችው እህቴ ከፍታ «ደርሶናል፣ ነገ እንመልሳለን» እንድትል ተነጋግረናል።

የሴትዮዋ ኢሜይል ረጅምና ቁጣ የሞላው ነበር። አንድ በአንድ ልመልስ ስል አጎቴ ትዝ አሉኝ። አራት መስመር ብቻ ጻፍኩ። መድረሱን ነገርኳት፣ ስልክ ቁጥሯን በመንካቴ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ከዚያ ሁለት ነገር ለመንኳት፦ ክፍሉን ስትይዝ ከኛ ጋር የተጻጻፈችውን ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝና የብሩን ደረሰኝ እንድታያይዝልኝ። ስለ ጥር 5 አንድም ቃል አላነሳሁም።

ፎቶው መጣ። መልእክቷ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከJanuary 5 እስከ 8 ትላለች። የወንድሜ መልስ በአማርኛ፦ «እሺ፣ ከጥር 5 እስከ 8 ተይዞልዎታል።» እሷም «አመሰግናለሁ» ብላለች።

ፎቶውን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ጃንዋሪን በአማርኛ ጥር እንላለን። ዜናውም ትምህርት ቤቱም እንዲህ ነው የሚለው። ነገር ግን የኛ ጥር 1 የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ላይ ነው። ስለዚህ የእሷ ጃንዋሪ 5 የኛ ታኅሣሥ 27 ነው። ወንድሜ ወሩን ተረጎመና ቀኑን ሳይቀይር መዝገብ ላይ አሰፈረው። እሷ ደግሞ የኛን «ጥር» ስታነብ ጃንዋሪ ማለት መሰላት። ሁለቱም አንድ ቃል አዩ፣ ስምንት ቀን ተራርቀው ተረዱት። እኔ ደግሞ «ቀኑን ሳያጣሩ» ብዬ ሰው ፊት የሰደብኳት በዚሁ ቃል ነው። አደባባይ ላይ መከራከሬን ብቀጥል ኖሮ ይህን ፎቶ መቼም አላየውም ነበር። እሷም ስሟና ቁጥሯ ያለበትን ጽሑፍ ለሕዝብ አትለጥፈውም።

ቀጣዩ ኢሜይሌ ግልጽ ነበር። ስህተቱ የኛ መሆኑን፣ እንዴት እንደተፈጠረ፣ የምንከፍለውንም ጻፍኩ። ስሌቱን እንዳለ ልንገራችሁ። የኛ ክፍል በሌሊት 2,000 ብር፣ ለሦስት ሌሊት 6,000 ነበር። እነሱ ያገኙት ቤት በሌሊት 3,500 አስከፍሏቸው 10,500 ከፍለዋል። በዚያ ላይ የኛ 3,000 አለ። በድምሩ 13,500 ብር ወጣባቸው፤ መውጣት የነበረበት 6,000 ነው። ልዩነቱን 7,500 ብር በእናቷ ስልክ በቴሌብር ላክንና ደረሰኙን ከኢሜይሉ ጋር አያያዝኩት። ለኛ ቤት ቀላል ብር አይደለም። ሦስት ሺውን ብቻ መመለስ ግን በኛ ስህተት የወጣባትን ሌላውን እሷ ላይ መጣል ነበር።

እዚህ ላይ ከወንድሜ ጋር ተጨቃጨቅን። «ብሩን ከመላካችን በፊት ኮከቡን ከፍ ታድርግልን» አለ። እምቢ አልኩ። አንደኛ፣ ካሳ ወይም ቅናሽ ሰጥቶ ቅሬታ እንዲነሳ ወይም እንዲለወጥ መጠየቅ በጎግል ደንብ ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ ኢሜይል የግል ነው ማለት የተቆለፈ ነው ማለት አይደለም። የጻፍኩላትን ፎቶ አንስታ ማታውኑ ልትለጥፈው ትችላለች። ስለዚህ አደባባይ ቢወጣ የማፍርበትን ዓረፍተ ነገር በኢሜይልም አልጽፍም። «ኮከቡን ካነሱ ብሩን እንልካለን» የሚለው ደግሞ ቢወጣ ቤቱን የሚዘጋ ነው።

ብሩ መድረሱን ካረጋገጠችልኝ በኋላ አደባባዩ ላይ ያለውን መልሳችንን ላርም ፈለግሁ። እንዲሁ ብተወው ያነበበ ሁሉ «ጋበዟት፣ ከዚያስ?» ይላል። የምጽፈውን ግን አስቀድሜ ለእሷ ላክሁት። ስሟም የብሩ መጠንም የለበትም። እንዲህ ነበር የሚለው፦ «ከእንግዳችን ጋር በኢሜይል ተነጋግረን ሂሳቡ ተስተካክሏል። የቀን አቆጣጠር ስህተቱ የኛ ነበር። ከአሁን በኋላ የተያዘ ክፍል ስናረጋግጥ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን።» እሷ አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። «ስህተቱ የኛ ነበር» የሚለው መጀመሪያ ይምጣ አለች። ልክ ናት። እንዳለችው አድርጌ ለጠፍኩት።

ቅሬታዋን አላጠፋችውም፤ አንድ የነበረውን ሦስት ኮከብ አደረገችው። ከሥሩ «ስህተታቸውን አምነው ገንዘቤን መልሰዋል፣ ያ ሌሊት ግን ለእናቴ ከባድ ነበር» የሚል ጨመረች። ለእናቴ አነበብኩላት። «እውነቷን ነው» አለችና ሴትዮዋ እናቷን ይዛ ስትመለስ ማር አስቀምጪላት አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ለያዘ ሰው ሁሉ የምንልከው መልእክት ተቀይሯል። ታኅሣሥ 27፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5፣ ብለን የሳምንቱን ቀን እንጨምርበታለን። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ስህተቱ ካለ እዚያው ይታያል። የአየር ማረፊያ መኪና የሚፈልግ ሲኖርም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለን አንተውም፤ በውጭ ሰዓት 9 እንደሆነ እንጽፋለን።

ቅሬታ ሁሉ ወደ ኢሜይል አይሄድም። ባለፈው አንድ እንግዳ ጠዋት ሙቅ ውሃ አጣሁ ብሎ ጻፈ። ያን እዚያው ነው የመለስኩት፤ ማሞቂያው በየትኛው ሰዓት እንደሚበራ፣ መብራት ሲጠፋ በባልዲ እንደምናደርስ። ሌላውም እንግዳ ማወቅ ያለበት ነገር ስለሆነ ወደ ጓዳ የሚወሰድ የለውም። ወደ ኢሜይል የምወስደው ስም፣ ስልክ፣ ክፍያ ወይም የአንድ ሰው ጤና ያለበትን ብቻ ነው። ግብዣውንም ከአንዱ ቅሬታ ወደ ሌላው ገልብጬ አልለጥፍም። አምስት ቅሬታ ሥር አንድ ዓይነት ቃል ያየ ሰው የሚያነብለት እንደሌለ ነው የሚገባው።

ጋብዣቸው እስካሁን ያልጻፉልኝ ሁለት ሰዎች አሉ። ደግሜ አልጎተጎትኳቸውም። ግብዣው ከቅሬታቸው ሥር እንዳለ ነው፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስፓሙን ከፍቼ አያለሁ።